አንድ ሶኬት፣ አንድ ቻርጀር፦ ፓወር ባንኩም ስልኩም አብረው ሲሞሉ

ለጥምቀት እንግዳ የሚቀበል የጎንደር ቤት ይህን ነገር ያውቀዋል። እንግዶቹ በሚያድሩበት ክፍል ያለችው ሶኬት አንድ ናት። ቻርጀሩም አንድ ነው፤ ሌላው አዲስ አበባ ተረስቷል። ነገ ደግሞ ፋሲል መዋኛ ድረስ በእግር ተኪዶ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ይቀረጻል። ስልኩ መሙላት አለበት፣ ፓወር ባንኩም እንደዚያው። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ፓወር ባንኩን ሶኬቱ ላይ ይሰካና ስልኩን ከፓወር ባንኩ ጋር ያገናኘዋል። ሁለቱም መብራታቸው በራ። ተፈታ ተብሎ ይተኛል።

ይህ አሰራር ፓስ ስሩ ቻርጂንግ ይባላል። ፓወር ባንኩ ከግድግዳ እየተቀበለ፣ በዚያው ሰዓት ለስልክ ይሰጣል። አንዳንዱ ባንክ ይችላል፣ አንዳንዱ አይችልም። አንዳንዱ ደግሞ የሚችል ይመስላል እንጂ ውስጥ ውስጡን እየከሰረ ነው። የእናንተው የቱ እንደሆነ በግማሽ ሰዓት መለየት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ውስጡ ምን እንደሚሆን እንይ፤ የኋላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ውስጡ ምን ይሆናል

ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ሮቶ አስቡ። ከላይ በቀጭን ቧንቧ ውሃ ይገባል፣ ከታች ቧንቧው ተከፍቶ ባልዲ ይሞላል። የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ ሮቶው ይሞላል። እኩል ከሆነ ባለበት ይቆማል። የሚወጣው ከበለጠ፣ ከላይ ውሃ እየገባም ቢሆን ሮቶው ይጎድላል። ፓስ ስሩም እንዲሁ ነው። ስልኩን መሃል ላይ ስላስገባችሁት ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል አይጨምርም። ያው አንዱ የቻርጀር ኃይል ለሁለት ይካፈላል።

አሁን ቁጥሩን እንጨምርበት። ቤት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቀለል ያለ ቻርጀር 5 ቮልት 2 አምፔር ነው። ሁለቱ ሲባዙ 10 ዋት ይሆናል። ፓወር ባንኩ ውስጥ ያለው የሊትየም ሴል ግን የሚሠራው በ3.7 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ የሚገባው ኃይል ለሴሉ እንዲስማማ ዝቅ ይደረጋል። ወደ ስልክ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ወደ 5 ቮልት ከፍ ይደረጋል። በእያንዳንዱ ለውጥ ከመቶ አስር ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጥሩ ዕቃ ትንሽ ያነሰ፣ ርካሽ ዕቃ ትንሽ የበለጠ ያባክናል። ሁለቱንም ለውጥ ያለፈ 10 ዋት ስልኩ ጋ ሲደርስ 8 ዋት ገደማ ነው።

ሁሉም ባንክ ግን ኃይሉን በሴሉ በኩል አያዞርም። የተሻሉት ከግድግዳ የመጣውን 5 ቮልት ለስልኩ በቀጥታ ያሳልፋሉ፤ ለሴሉ የሚሰጡት የተረፈውን ነው። እዚህ ላይ ብክነቱ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱም እንዲሁ። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው የማግሴፍ ባትሪ ፓክ ለምሳሌ፣ ከግድግዳ ሲሰካ ስልኩን ወደ 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ካደረሰ በኋላ ወደ ራሱ ሊዞር ይችላል። ፒያሳ ካለ የሞባይል ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚነሳ ተራ ባንክ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አለው ብላችሁ አትገምቱ። ሻጩም «ይሠራል» ቢላችሁ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ስልኩ ላይ የመብረቅ ምልክቷ መታየቷን ነው። የመብረቋ መታየት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ

ባንኩ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አለ። ኢንፑት የሚለው ባንኩ ሲሞላ የሚቀበለው ነው። አውትፑት የሚለው ለስልክ የሚሰጠው ነው። ኢንፑቱ 5 ቮልት 2 አምፔር፣ አውትፑቱ 5 ቮልት 2.4 አምፔር ከሆነ ገና ሳትሰኩት መልሱ ታወቀ። ይህ ባንክ ከሚቀበለው በላይ መስጠት ይችላል። ስልኩ ጠጥቶ የማይጠግብ ከሆነ ባንኩ ሶኬት ላይ ተሰክቶም ይጎድላል።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የሚሰካውን የቻርጀሩን ራስ አንብቡ። ባንኩ 2 አምፔር መቀበል ቢችልም ቻርጀሩ 1 አምፔር ከሆነ ያላችሁ 5 ዋት ብቻ ነው። በ5 ዋት ሁለቱንም አብሮ ለመሙላት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ስልኩን ብቻውን ሰክታችሁ ተዉት።

የፈጣን ቻርጅ ነገርም አለ። ቻርጀራችሁም ባንካችሁም ፈጣን ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ባንኮች ግን ከግድግዳ እየተቀበሉ ስልክ ሲሰካባቸው ፈጣኑን ትተው ወደ ተራው 5 ቮልት ይወርዳሉ። ብቻውን ሲሆን 18 ዋት ይቀበል የነበረ ባንክ፣ ስልክ ሲገባበት ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ ትልቅ ቻርጀር መግዛት ችግሩን ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይፈታውም።

ሙከራው

ለሙከራው ባንኩ ግማሽ አካባቢ ይሁን። ስልኩ ደግሞ ከ30 እስከ 40 በመቶ። ስልኩ 90 ላይ ሆኖ ብትሞክሩ ውጤቱ ያሳስታችኋል። ስልክ ሊሞላ ሲል የሚወስደው ኃይል ስለሚቀንስ ባንኩ ጎበዝ ይመስላል።

ባንኩን ብቻውን ሶኬት ላይ ሰኩት። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምሩ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ስልኩን ከባንኩ ጋር አገናኙት። ቅደም ተከተሉ ለከንቱ አይደለም። አንዳንዱ ባንክ ስልኩ ቀድሞ ከተሰካ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ግድግዳው ከቀደመ ሌላ። እናንተ ሌሊት የምትጠቀሙበትን ቅደም ተከተል ነው መሞከር ያለባችሁ።

ስልኩ ጭራሽ ካልተቀበለ፣ ባንኩ ፓስ ስሩ የለውም። ብዙ ጊዜ ባንኩን የሠራው ድርጅት ሆን ብሎ ነው የዘጋው። የጎን ቁልፉን ደጋግሞ በመጫን ለማስገደድ አትሞክሩ። ያላችሁ ምርጫ በተራ መሙላት ነው፤ ለባንኩም ዕድሜ የሚበጀው ይኸው ነው።

ስልኩ ከተቀበለ ስክሪኑን አጥፉና የስልኩን በመቶኛ፣ የባንኩንም መብራት ወይም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ለ30 ደቂቃ አትንኩት። ቁጥር የሚያሳይ ባንክ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። አራት መብራት ብቻ ያለው ከሆነ እያንዳንዱ መብራት 25 በመቶ ያህል ስለሆነ ትንሽ ለውጥ አያሳይም። ለእንዲህ ያለው ባንክ ሙከራውን ወደ አንድ ሰዓት አስረዝሙት። ኬብሉ መሃል ላይ የሚገባ ቮልትና አምፔር የሚያሳይ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ግምት አያስፈልገውም፤ በሚገባበትም በሚወጣበትም በኩል እያስገባ ያነባል።

ከሚታዩት ውጤቶች አንዱ ስልኩም ባንኩም መጨመራቸው ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ቻርጀሩ ለሁለቱም ይበቃል ወይም ስልኩ በልኩ ነው የሚወስደው። ሌላው ስልኩ እየጨመረ ባንኩ መቀነሱ ነው። ብዙ ሰው ጠዋት ተነስቶ «ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ እንዴት ባዶ ይሆናል?» የሚለው ይህኛው ደርሶበት፣ መሃል ላይ ደግሞ መብራት ሄዶበት ነው። ባንኩ አልተበላሸም። ስልኩ ሲጠጣ አመሸ፣ ባንኩ የራሱን ተራ ሲጠብቅ መብራት ጠፋ።

ሦስተኛው ስልኩ በየደቂቃው ድምፅ እያሰማ ቻርጁን ሲጀምርና ሲያቆም ነው። ይህ በብዛት የሚታየው ባንኩ ባዶ ሲሆን ነው። ትንሽ ይቀበልና ለስልኩ መስጠት ይጀምራል፤ ከሚቀበለው በላይ ስለሰጠ ያልቅበትና ይዘጋል፤ እንደገና ትንሽ ይቀበላል። እንዲህ ሲንገላታ ቢያድር ስልኩም አይሞላ ባንኩም አይሞላ። ስልኩን ንቀሉና ባንኩ ቢያንስ አንድ መብራት እስኪይዝ ብቻውን ተዉት። ካገኘም በኋላ ከቀጠለ ኬብሉን ቀይሩ። ቀጭንና ረጅም ኬብል ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል።

የመጨረሻው የሙከራ ክፍል ስልኩ እየሞላ ባንኩን ከግድግዳ መንቀል ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም ይኸው ነው። የስልኩን ስክሪን እያያችሁ ንቀሉት። ምልክቱ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ባንኩ ብዙ ጊዜ ኃይሉን ለስልኩ በቀጥታ ሲያሳልፍ ነበር፤ ግድግዳው ሲቋረጥ ወደ ሴሉ ዞረ። ለስልክ ይህች አፍታ ምንም አይደለችም። ለዋይፋይ ራውተር ግን ጠፍቶ መነሳት ማለት ነው። አንዳንዱ ባንክ ከነጭራሹ ተዘግቶ ቁልፉን እስክትጫኑለት አይነሳም። ሌሊት መብራት ቢጠፋ ማን ነው ተነስቶ የሚጫንለት? ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

አንድ ምሽት በቁጥር

አሁን አንድ ምሽት እንውሰድ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሶ ሄደ። በእጃችሁ ያለው 2 ሰዓት ተኩል ነው። ቻርጀሩ አንድ፣ 10 ዋት። ባትሪው 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ስልክ አለ፤ 20 በመቶ ላይ ነው። ገበያ ላይ «10 ሺው» የሚባለው ፓወር ባንክ አለ፤ 25 በመቶ ላይ ነው።

10 ሺው በኃይል ሲተመን 37 ዋት ሰዓት ነው። 10 አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ ማለት ነው። የስልኩ ባትሪ ደግሞ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከ20 ወደ 100 ለመድረስ 15 ዋት ሰዓት ይጎድለዋል። ስልኩም ሲሞላ ትንሽ ስለሚያባክን ከኬብሉ የሚወስደው 17 ይሆናል።

የመጀመሪያው መንገድ በተራ መሙላት ነው። ስልኩ በቀጥታ ከግድግዳ ይሰካል። 17 ዋት ሰዓት በ10 ዋት 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይፈጃል። የቀረውን 48 ደቂቃ ባንኩ ይሰካል። ሴሉ ውስጥ 7 ዋት ሰዓት ያህል ይገባል፤ 19 በመቶ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ሙሉ፣ ባንኩ 44 በመቶ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ፓስ ስሩ ነው፤ ኃይሉን በሴሉ በኩል በሚያዞረው ተራ ባንክ። ስልኩ እንደበፊቱ 10 ዋት ይጠጣል። ባንኩ ግን ያንን 10 ዋት ለመስጠት ከሴሉ 11 ዋት ማውጣት አለበት። ከግድግዳ ወደ ሴሉ የሚገባለት 9 ዋት ነው። በየሰዓቱ 2 ዋት ሰዓት ያህል ይጎድላል ማለት ነው። ስልኩ በሞላበት ሰዓት ባንኩ ከ25 ወደ 15 በመቶ ወርዷል። በቀረው 48 ደቂቃ ያንኑ 19 በመቶ ቢጨምር የሚደርሰው 34 ላይ ነው።

ልዩነቱ ከባንኩ 10 በመቶ ነው። በመብራት ሰዓት ሲለካ 24 ደቂቃ ያህል ነው፤ ያ ሁሉ ባንኩን አሙቆ አየር ላይ ቀረ። ዓለም አልተደረመሰም። ግን መብራቱ አጭር በሆነ ምሽት 24 ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው።

ለፓስ ስሩ መከራከሪያም አለ፤ እሱንም ልንገራችሁ። ስልክ ከ80 በመቶ በኋላ የሚወስደው ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ታታክታለች። በተራ ስትሞሉ ቻርጀሩ በዚያ ሰዓት ግማሹን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በፓስ ስሩ ግን ስልኩ የተወውን ባንኩ ወዲያው ይወስዳል። ተነስታችሁ መቀየርም የለባችሁም። ስለዚህ ለአጭር ምሽት የኔ ምክር ከሁለቱም ለየት ይላል። ስልኩን በቀጥታ ከግድግዳ ሰኩና 80 ላይ ንቀሉት። ወደ 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የቀረውን 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ለባንኩ ስጡት፤ 54 በመቶ አካባቢ ያደርሰዋል። በደረቁ ስሌት መብራት ሲጠፋ በእጃችሁ የሚቀረው ጠቅላላ ኃይል ከመጀመሪያው መንገድ ጋር እኩል ያህል ነው፤ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ቀስ ማለቷ ሲታሰብ ግን ይህኛው ይበልጣል፤ የቀረችዋን 20 ደግሞ በኋላ ከባንኩ ትወስዳላችሁ።

ለረጅም ሌሊት ስሌቱ ይለወጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መብራት ካለ 7 ሰዓት ነው። በፓስ ስሩ ሁለቱን ለመሙላት ከግድግዳ የሚያስፈልገው 52 ዋት ሰዓት ያህል ነው። በ10 ዋት ከ5 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ መጨረሻ ላይ ስለሚቀንስ ስድስት በሉት። ይደርሳል። በከተራ ሌሊት አንድ ሶኬት ያለው ክፍል ውስጥ፣ መብራት አይጠፋም ብላችሁ ካመናችሁ፣ ፓስ ስሩ ምክንያት አለው። ማን እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ ኬብል ይቀይራል?

የተሻለው ግን ሌላ ነው። ሶኬቷ አንድ ብትሆንም ማከፋፈያ ሰክቶ ሁለት ቻርጀር ማድረግ። ስልኩ በራሱ ቻርጀር፣ ባንኩ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ በተጣለው አሮጌ ቻርጀር። አሮጌው 1 አምፔር ቢሆንም ለባንኩ ሌሊቱ በሙሉ አለለት። ድርብ ብክነቱ ይቀራል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

እንግዲህ ይሁን ካላችሁ

መብራት ጠፍቶ እንደመጣ ወዲያው አትሰኩ። ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ይችላል። ሌላ መብራት ለኩሱና ጥቂት ደቂቃ ጸንቶ መቆየቱን እዩ። የስልክ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበል ሆኖ ስለሚሠራ የቮልት መውረድ ብዙም አይጎዳውም፤ መዝለሉ ነው የሚያቃጥለው።

ባንኩን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጡት። አልጋ ላይ፣ ፍራሽ ላይ፣ ጋቢ ሥር አይሁን። የጎንደር ሌሊት ይበርዳልና ስልክን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ መተኛት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። በፓስ ስሩ ጊዜ ግን ባንኩ በመቀበልም በመስጠትም ስለሚሠራ ከሁለት በኩል ነው የሚሞቀው፤ ያ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። ስልኩንም ባንኩ ላይ አትደርቡት። ሁለት የሚሞቁ ነገሮች ሲደራረቡ መሃላቸው ምድጃ ይሆናል።

ኬብሎቹ አጭርና ወፍራም ይሁኑ፤ በተለይ ከግድግዳ ወደ ባንኩ የሚሄደው። ስልኩ እየሞላ ቪዲዮ አይታይበት። የምታዩት ቪዲዮ የሚበላው ኃይል በድርብ ብክነት የመጣ ስለሆነ ውድ ነው። በዚያ ላይ በአንዳንድ ርካሽ ዕቃ ስክሪኑ ሳትነኩት ራሱን ሲነካ ወይም ጣታችሁን አልሰማ ሲል ታያላችሁ። ከቻርጀሩና ከባንኩ የሚመጣው ያልጠራ ኃይል ንኪ ስክሪኑን ስለሚረብሸው ነው። ስትነቅሉት ይተዋል።

ከተሰካ ከ20 ደቂቃ በኋላ ባንኩን በእጃችሁ ዳሱት። ለብ ማለቱ ያለ ነው። መዳፋችሁን ጭናችሁ እስከ አሥር መቁጠር ካቃታችሁ ግን ስልኩን ወዲያው ንቀሉ። ለሊትየም ሴል ሲሞላ የሚፈቀደው የሙቀት ወሰን ብዙ ጊዜ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እጅ የማይችለው ሙቀት ከዚያ አልፏል። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ያግዛችኋል። ያው ባንክ መተማ ሲወርድ ሌላ ዕቃ ነው። እዚያ ቀን ላይ አየሩ ራሱ 40 ዲግሪን ይጠጋል፣ ሲብስም ያልፋል፤ ለፓስ ስሩ የተረፈ ቦታ የለም። ቆላ ላይ በተራ ሙሉ፣ ቢቻል በሌሊት።

ስልኩ ሲሞላ ወይም 80 ሲደርስ ንቀሉት፤ ባንኩ ብቻውን ይጨርስ። ስትነቅሉ ስልኩ ይቅደም፣ ግድግዳው ይከተል።

ቀስ ብሎ የሚመጣው ጉዳት

አንድ ሌሊት ባንክ አይገድልም። የሚጎዳው ልማድ ሲሆን ነው። ተራ የሊትየም ሴል ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ከሞላና ከጎደለ በኋላ የሚይዘው መጠን ከመጀመሪያው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። በተራ ስትሞሉ ስልኩ ከግድግዳ የሚወስደው ኃይል ሴሉን አይነካም። በፓስ ስሩ ግን፣ በተራው ባንክ፣ የስልኩ ኃይል በሙሉ በባንኩ በኩል ያልፋል። ቢያንስ ከፊሉ ሴሉን እየሞላና እያጎደለ ነው የሚሄደው። ዕድሜ ያለ ጥቅም ይበላል።

ከዚህ የባሰው ሙሉ ሆኖ መሞቅ ነው። ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ላይ ይደርሳል፤ ባትሪ ቶሎ የሚያረጀው በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ነው። ባንኩ ከሞላ በኋላም ስልኩ እንደተሰካ ካደረ፣ ትንሽ ይጎድላል፣ ወዲያው ይሞላል፣ እንደገና ይጎድላል። ሌሊቱን በሙሉ ጫፍ ላይ ነው።

ለዚህ ነው ፓወር ባንክን ለራውተር መደገፊያ አድርጎ ዓመቱን ሙሉ ሶኬት ላይ መተው የማልወደው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ እንዳይቋረጥ ብዙ ቤት ያደርገዋል። 5 ቮልቱን ወደ 12 ከፍ የሚያደርግ ኬብል ይገዛል፣ ባንኩ ሳይነቀል ወራት ይከርማል። ያ ኬብል ሦስተኛ ለውጥ ነው፤ የራሱ ብክነት አለው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብዙው ባንክ ለአፍታ ስለሚቋረጥ ራውተሩ ተነስቶ እስኪያያዝ ያው ደቂቃዎች ያልፋሉ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ አነስተኛ የራውተር ዩፒኤስ ገበያ ላይ አለ፤ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉት። እስከዚያው በባንኩ ለመጠቀም የግድ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ብቻ ሰኩት።

ባንኩ ስለመጎዳቱ ምልክቱ ሁለት ነው። አንዱ ስልኩን ሁለት ጊዜ ይሞላ የነበረው አንዴ ሞልቶ ሲያልቅበት ነው። በነገራችን ላይ አዲስ 10 ሺ ባንክም ለስልክ የሚያደርሰው ከ6,000 እስከ 6,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው፤ ይህ በለውጡ ምክንያት ነውና ተጭበረበርን አትበሉ። ሁለተኛው ማበጥ ነው። ባንኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ጫፉን በጣት ጫን ስትሉት ከተወዛወዘ፣ ወይም የጎን መገጣጠሚያው ከፈት ካለ፣ ሴሉ ውስጥ ጋዝ ተፈጥሯል።

ያበጠ ባንክ ዳግም አይሰካም፣ «እስኪያልቅ ልጠቀምበት» አይባልም። በሚስማር አይበሳም፣ ተጨፍልቆ አይስተካከልም። ቆሻሻ ግቢ ውስጥ ለሚያቃጥል ቤት ይህ ይበልጥ ይመለከተዋል፤ ሊትየም ሴል እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ደረቅ አሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ቀብራችሁ፣ ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከቤት ውጭ ፀሐይና ዝናብ ከማያገኘው ጥግ አኑሩት። ከዚያ ባትሪ የሚቀበል ጥገና ቤት ጠይቃችሁ አስረክቡ። ስታስረክቡ ያበጠ መሆኑን ንገሯቸው፤ ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ እንዳይከቱት።